ሊዙ አልቋል፣ ተከራዩ አልወጣም፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ ልክ ነው?

የክርክሩ ጥያቄ
ዲሲ ውስጥ ተከራይ ሊዙ ቢያልቅም ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ «ውልህ አልቋል» ተብሎ ብቻ አይባረርም። ይህ ፍትሐዊ ነው? ቨርጂኒያና ሜሪላንድስ እንደዚያ ያለ ሕግ ሊያወጡ ይገባል?

ባለ ሁለት ቤት (ስፕሪንግፊልድ)
አይገባም። ሁለታችንም «እስከ ሜይ 31» ብለን ፈርመናል፤ ጁን 1 ላይ ቤቴ ውስጥ ያለው ሰው ያለ ውል የተቀመጠ ሰው ነው። ቨርጂኒያ ይህንን ታውቃለች። ቀኑ ካለፈ እጥፍ ታስከፍለዋለህ፣ እንቢ ካለም ቁልፍ ትቀይራለህ። ዲሲ ግን ቤትህን በቁምህ ያወርስብሃል።

ሐና (አርሊንግተን)
ወንድሜ፣ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለውን እንከራከር፤ ስለ ቨርጂኒያ የጻፍከው ግን አንብቦ የሚሠራበት ሰው ስለሚኖር ይታረም። ቁልፍ መቀየር የለም። ሊዙ ያለቀበትን ተከራይ የሚያስወጣው ሸሪፍ ነው፣ እሱም ከጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። አከራይ በራሱ እጅ በር ከዘጋ ወይም መብራትና ውሃ ካቋረጠ ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ይገኛል፤ ተከራዩ ከስሶ ወደ ቤቱ ሊመለስ፣ ካሳም ሊጠይቅ ይችላል።

እጥፍ የሚባል ክፍያም የለም። የቨርጂኒያ ጣሪያ የቀን ኪራዩ 150 በመቶ ነው፤ እሱንም የምታገኘው ሊዙ ላይ አስቀድሞ ከተጻፈና ተከራዩ ያለ አንተ ፈቃድ ከቆየ ነው። በቁጥር እንየው። ኪራዩ 1,800 ዶላር ነው እንበል። ጁን 30 ቀን ስላለው ቀኑ 60 ዶላር ይሆናል፤ 150 በመቶው 90። ሰውየው 20 ቀን ቆይቶ ከወጣ 1,800 ዶላር ትጠይቀዋለህ። በመደበኛው ኪራይ ቢሆን 1,200 ነበር። ስለዚህ ክርክሩ በ600 ዶላር ልዩነት ላይ ነው፣ ሊዙ ላይ ያ አንቀጽ ከሌለ ግን እሱም የለም።

ባለ ሁለት ቤት (ስፕሪንግፊልድ)
የቁልፉን ነገር ተቀብያለሁ። ግን ዋናው ነጥቤ አልተነካም፤ ቀኑ ሲያልፍ መብቱም ያልፋል።

ሐና (አርሊንግተን)
እዚህ ላይ ነው ብዙ አከራይ የሚሰናከለው። መብቱን የሚወስነው ቀኑ ብቻ ሳይሆን ከቀኑ በኋላ አንተ ያደረግከውም ነው። በዚያው ምሳሌ እንቀጥል። ሜይ 31 አለፈ፣ ማንም ምንም አላለም፣ ጁን 3 ላይ 1,800 ዶላር በዜል ገባልህ፣ አንተም ዝም አልክ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ያለ ፈቃድህ የቆየ ነው ማለት ይከብድሃል። ወር በወር ተከራይ ሆኗል፣ የድሮው ሊዝ ቃላትም አብረውት ተሻግረዋል፤ ስለ ውሻውም፣ ስለ ዘገየ ኪራይ ቅጣትም፣ ውሃ ማን እንደሚከፍልም ያው ነው። 150 በመቶውን ግን መጠየቅ አትችልም፣ ምክንያቱም ቅጣቱ ፈቃድ ላጣ ሰው ነው።

አሁን ይውጣልኝ ካልክ ቀጣዩ ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ የጽሑፍ ኖቲስ ትሰጠዋለህ። ጁን 12 ላይ ብትሰጠው ጁላይ 1 ሊደርስ 19 ቀን ነው የቀረው፣ አይበቃም፤ ስለዚህ ኪራዩ የሚያበቃው በጁላይ መጨረሻ ነው። «ከዛሬ 30 ቀን ቆጥሬ ጁላይ 12 ውጣ» ብለህ ከጻፍክ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ላይ ይወድቅና እንደገና ትጀምራለህ። ኪራይ መጨመርም እንዲሁ ነው። አዲሱን ዋጋ በጽሑፍ ታሳውቃለህ፣ እሱም 30 ቀን ካለፈ በኋላ ከሚመጣው የክፍያ ቀን ነው የሚጀምረው፤ እስከዚያ የድሮው ዋጋ ይቀጥላል።

የትናየት
እዚህ ብዙ ቀባጠራችሁ እንጂ ሕጉ ግልጽ ነው! ውል ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅም ክልክል ነው፣ ውሉም መመዝገብ አለበት። አከራዬ ግን ዓመት ሳይሞላኝ «ውልህ አልቋል» ይለኛል። ይህንን ተወያዩበት።

ሐና (አርሊንግተን)
የትናየት፣ አንተ የምትለው አዋጅ 1320/2016 ነው፣ የኢትዮጵያው። ጥያቄው ግን ስለ ዲሲ አካባቢ ነው። ያንተ ጉዳይ የሊዝ ማለቅ ሳይሆን ከጊዜው በፊት መቋረጥ ይመስላል፤ ውሉ ከተመዘገበ ቅጂውን ይዘህ ወደመዘገበው ቢሮ ሂድ።

ጋሽ መ. (ብራይትዉድ፣ ዲሲ)
እኔ አከራይ ነኝ፣ ግን የዲሲን ሕግ «ማውረስ» ብለው ለሚጠሩት አልስማማም። ሊዙ ሲያልቅ ተከራዩ ወር በወር ይሆናል፤ አዲስ ሊዝ ፈርም ብዬ ላስገድደው አልችልም፣ እሱ ግን በ30 ቀን የጽሑፍ ኖቲስ መውጣት ይችላል። እስከዚህ ድረስ ያስፈራል። ነገር ግን በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። ራሴ ልኖርበት ከፈለግሁ 90 ቀን እሰጣለሁ። ሊኖርበት ለሚገዛ ሰው ከሸጥሁም 90 ቀን ነው፣ ያውም ሕጉ ለተከራዩ ቀድሞ የመግዛት ዕድል በሚሰጥበት ቤት ላይ ያንን ሥርዓት ካሟላሁ በኋላ። ከባድ እድሳት ላይ ጊዜው ይረዝማል።

ማጭበርበር የፈለገ የሚጠለፍበት ነገር አለ። «ልኖርበት ነው» ብሎ ያስወጣ ሰው ለ12 ወር ቤቱን ለሌላ ማከራየት አይችልም። ተከራይን አስወጥቶ በሁለተኛው ወር ማስታወቂያ መለጠፍ ራስን ማጋለጥ ነው።

ባለ ሁለት ቤት (ስፕሪንግፊልድ)
እናቴ ከኢትዮጵያ ብትመጣስ ጋሼ? ለእሷ ብዬ ቤዝመንቱን ብፈልገው?

ጋሽ መ. (ብራይትዉድ፣ ዲሲ)
ሕጉ የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ራሱ ነው። ይህ ለእኛ ዓይነት ሰው ከባድ እንደሆነ አልክድም፤ ለእናት ወይም ለልጅ የሚሆን ክፍል እያሰቡ ቤት የሚገዙ ብዙ ናቸው። እኔ ሕጉ ይሻሻል ብባል የምነካው ይህንኑ ነው፣ ሌላውን አልነካም።

ሐና (አርሊንግተን)
ጋሽ መ. ያላነሡት የኪራዩን ነገር ነው፣ ለተከራይ ግን ትልቁ እሱ ነው። አትወጣም ተብሎ ኪራዩ በአንድ ሌሊት እጥፍ ቢሆን ጥበቃው ባዶ ነው። ዲሲ ውስጥ የኪራይ ቁጥጥር የሚመለከተው ቤት ላይ ጭማሪ በ12 ወር አንዴ ብቻ ነው፣ መጠኑም ከዋጋ ንረቱ ጋር ታስሮ ጣሪያ አለው። «ወር በወር ስለሆንክ 200 ጨምር» ማለት ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው ጭማሪ ነው።

ከ1975 በኋላ የተሠራ ሕንፃ ከቁጥጥሩ ነጻ ነው፤ በከተማው ከአራት የማይበልጥ ቤት ያለው ግለሰብም እንዲሁ። ነጻነቱ ግን በራሱ አይመጣም፣ መመዝገብ አለበት። ቤዝመንቱን ሳያስመዘግብ ለዓመታት ኪራይ ሲጨምር የኖረ አከራይ፣ ጉዳዩ ሲነሣ ጭማሪው ሁሉ ሊወድቅበት ይችላል። እንዲሁም ነጻ የሆነው ከጭማሪ ቁጥጥር ነው፤ ሊዝ አልቋል ብሎ ከማስወጣት ክልከላው ነጻ አይደለም። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ሰናይት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
የእኔ ሊዝ ማርች ላይ አልቋል፣ ማንም አልነገረኝም፣ እየከፈልኩ ነው። አሁን የሕንፃው ማኔጀር በ30 ቀን ልቀቂ የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። ዲሲ ስላልሆንኩ ዝም ብዬ ልውጣ?

ሐና (አርሊንግተን)
እህቴ፣ አትቸኩዪ። ሜሪላንድ ወር በወር ለሆነ ተከራይ አከራይ የሚሰጠውን ኖቲስ በ2021 ወደ 60 ቀን አሳድጋለች፤ 30 ቀን አይበቃም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን፣ የተለጠፈበትን ቀን በፎቶ ያዢ፣ ኪራይሽንም አታቋርጪ፤ ብታቋርጪ ሌላና ፈጣን ክስ በራስሽ ላይ ትጋብዣለሽ። ትክክለኛ ኖቲስ አልፎ ብትቀሪ አከራዩ ሊዝ አልፎ በመቆየት ክስ ያቀርባል፣ ካሳውም ቢያንስ ለቆየሽበት ጊዜ ያለው ኪራይ ነው። ከማርች ጀምሮ ኪራይ ጨምረውብሽ ከሆነም ንገሪን፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ አሁን ለብዙ ሕንፃዎች ዓመታዊ ጭማሪን ቢበዛ በ6 በመቶ ገድባለች፣ አዲስ ሕንፃዎችን ግን አይመለከትም። ሕንፃሽ መቼ እንደተሠራ እወቂ።

ባለ ሁለት ቤት (ስፕሪንግፊልድ)
ታዲያ 60 ቀን ካለ ለምን «ያለ ምክንያት አታስወጣ» የሚል ሕግ ያስፈልጋል? ሜሪላንድ ላይ በየዓመቱ የሚያመጡት ረቂቅ እኮ ይህ ነው።

ሰናይት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ወረቀቱ የመጣብኝ ስለ ቤቱ ሻጋታ ደጋግሜ ከጻፍኩ በኋላ ስለሆነ ነው የሚያስፈልገው። እርግጥ የበቀል ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ፣ ግን ማስረዳት የሚጠበቀው ከእኔ ነው። ዲሲ ብሆን ምክንያቱን የሚያስረዱት እነሱ ነበሩ።

ጋሽ መ. (ብራይትዉድ፣ ዲሲ)
ሰናይት ነገሩን ያዘችው። ጥያቄው ማን ምክንያት ያምጣ ነው። በሌላ በኩል ባለ ሁለት ቤትም የሚለው ምንም ነጥብ የለውም ማለት አልችልም፤ በኋላ ማስወጣት ሲከብድ አከራይ በመጀመሪያ በር ላይ ይጠነክራል። ክሬዲት የሌለው፣ ገና የመጣ ልጅ ነው የሚጎዳው። ይህንን ሐናም አትክድም።

ሐና (አርሊንግተን)
አልክድም፣ ግን ቨርጂኒያም ክሬዲት የሌለውን ልጅ በቀላሉ አትቀበልም። ስለዚህ ጥንካሬው ከሕጉ የመጣ ነው የሚለውን እንደ ተረጋገጠ አልወስድም።

ቴዲ
ይቅርታ፣ ሌላ ነገር ልጨምር። አሌክሳንድሪያ ላይ ሊዙ በአንዱ ስም ነው፣ ሁለት ክፍል ደግሞ ለሌሎች ተከራይቷል። ባለሊዙ በቀኑ ወጣ፣ አንዱ ክፍል ተከራይ ግን ቀረ። 150 በመቶውን ማን ይከፍላል?

ሐና (አርሊንግተን)
አከራዩ የሚጠይቀው ባለሊዙን ነው። ቤቱን ባዶ አድርጎ ያስረክብ ዘንድ የፈረመው እሱ ነውና፣ የእሱ ዕቃ መውጣቱ አያድነውም። ከዚያ በኋላ ባለሊዙ ክፍል ተከራዩን በራሱ ይክሰሰው። የወሰደው ዲፖዚት ካለ እዚያ ላይ ይጀመራል።

ባለ ሁለት ቤት (ስፕሪንግፊልድ)
አከራዩ ከቀረው ሰው በቀጥታ ኪራይ ከተቀበለስ?

ሐና (አርሊንግተን)
ያኔ ባለሊዙ «አንተው ፈቅደህ አስቀመጥከው» ይልሃል፣ ክርክሩም ይጠነክርለታል። ብሩን መቀበል ከፈለግክ ለአለፉት ቀናት የተቆጠረ ሒሳብ እንጂ አዲስ ኪራይ እንዳልሆነ ብሩ ከመግባቱ በፊት ለሁለቱም በጽሑፍ አሳውቅ። እንደዚያም ሆኖ ዳኛው ፊት ምን እንደሚሆን እርግጠኛ ሆኜ አልነግርህም፤ ቴዲ፣ ሊዙ ማከራየትን ይፈቅዳል ወይስ ይከለክላል?

ቴዲ
የሊዙን ገጽ አላየሁትም። ነገ አምጥቼ እለጥፋለሁ።