አረጋዊቷን «ኦማ» ብዬ በመጥራቴ ለውይይት ተጠርቻለሁ፤ ምን ብዬ ላስረዳ?

የአዘዞዋ ልጅ (ለጊዜው ከጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የአገሬ ልጆች። ለእህቴ ሰርግ የ10 ቀን ፈቃድ ወስጄ አዘዞ እናቴ ቤት ነኝ። የምሠራው ጀርመን አገር በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ተንከባካቢነት ሲሆን፣ ከ6 ወሩ የሙከራ ጊዜ የጨረስሁት 4ቱን ብቻ ነው። ትናንት ማታ ከሥራ ቦታዬ በኢሜይል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በተመለስሁ በሁለተኛው ቀን ከክፍል ኃላፊዬና ከቤቱ አስተዳዳሪ ጋር «ስለ አነጋገርና ስለ አቀራረብ» ውይይት እንዳለኝ ይገልጻል። የመኖሪያ ፈቃዴ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ቤቱ በእልልታ እየተናወጠ ለእኔ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት አረጋዊት አሉ። ጠዋት ስገባ ሁለት እጃቸውን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ጉንጫቸውን እየሳምሁ «ኦማ፣ እንዴት አደሩ?» እላቸዋለሁ፤ በእኔ ቤት «እማማ» ማለቴ ነበር። ልጃቸው ይህንን አይታ ቅሬታ አቀረበች። ኃላፊዬ ስለዚሁ ጉዳይ ስታናግረኝ ደግሞ፣ ታላቅ ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው ተብዬ ስላደግሁ መሬት መሬቱን አየሁ። «ገብቶሻል?» ስትለኝ፣ እኛ እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «እ!» አልኋት፤ እሷም ደንግጣ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ሦስተኛው ያስቃችሁ ይሆናል። በመተላለፊያው ላይ «ፍራው ታደሰ! ፍራው ታደሰ!» እያለች ስትጣራ ዞር ሳልል አለፍሁ፤ ታደሰ አባቴ ነው፣ ካረፈ 5 ዓመቱ። እኔን እየጠራች መሆኑ የገባኝ ክንዴን ስትነካኝ ነው። እኔም እሷን ለማክበር ብዬ «ፍራው ሞኒካ» እላታለሁ፤ ባልደረቦቼ ለምን እንደሚስቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምን ብዬ ልግባ?

ከስቶክሆልም

እህቴ፣ ይህ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። እኔ ስዊድን 21 ዓመት ኖሬአለሁ። እዚህ ድሮ ሰውን በማዕረጉ ካልጠሩት በቀር ማነጋገር አይቻልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ብሩር ሬክሴድ የሚባሉ ሐኪም የሕክምናውን መሥሪያ ቤት መምራት ሲጀምሩ፣ ሠራተኛውን ሁሉ «አንተ» እና «አንቺ» ብለው በስሙ እንደሚጠሩና እነርሱም እንዲሁ እንዲጠሯቸው ተናገሩ። ልማዱም ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፋ። ዛሬ የሆስፒታል ኃላፊዬን በስሙ ብቻ እጠራዋለሁ። አውሮፓ አንድ ነው፤ አንቺም ሁሉንም በስሙ ጥሪና ተገላገዪ።

በተጨማሪም መብትሽን እወቂ። አንዲት ሙስሊም ሴት ኡፕሳላ ውስጥ ለአስተርጓሚነት ሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ወንድ በእጇ አልጨብጥም ብላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላምታ በመስጠቷ ቃለ መጠይቁ ተቋረጠባት፤ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 አድልዎ ተፈጽሞባታል ብሎ 40,000 ክሮነር ካሳ ፈረደላት። ባህልሽን የሚነኩ ከሆነ ክሰሻቸው!

ስለ ትንፋሹ ግን ስቄ ሞትሁ። በሰሜን ስዊድን ያሉ ሰዎችም «አዎ» ሲሉ እንደኛው አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ። እዚያ ብትቀጠሪ ኖሮ ማንም አይደነግጥልሽም ነበር።

ከማራኪ፣ ጎንደር

ልጄ፣ ሰላምታ አልቀበልም አሉሽ ማለት ነው? እኔ እዚሁ ጎንደር ከውጭ ከሚመጡ ሐኪሞች ጋር ለብዙ ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ። አንዱ ወጣት ሐኪም አንድ ታማሚ ሊጠይቁ ለመጡ ቄስ እጁን ዘረጋ፤ እርሳቸው ደግሞ መስቀላቸውን ዘረጉ። እርሱም ስጦታ መስሎት መስቀሉን ተቀብሎ አገላብጦ አየና አመሰገነ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቄሱ ግን ፈገግ ብለው መስቀላቸውን መልሰው ተቀብለው ግንባሩን አስነኩት። እንግዳን እንዲህ ነው የሚያስተናግዱት። ጉንጭ መሳም ነውር ሆኖ ሰው የሚከሰስበት አገር ግን ምን ዓይነት አገር ነው? አንቺ ባህልሽን አትጣይ፤ እነሱ ይማሩ።

የቁስቋሟ (ጀርመን)

እህቴ፣ እኔ በዚያው አገር በዚሁ ሙያ 17 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ስለዚህ የኃላፊሽንም ወንበር አውቀዋለሁ። ወንድማችን ስለ ስዊድን የጻፉት እውነት ነው፤ ለአንቺ ግን አይሆንም። የዚያች ሴት ክስ በሃይማኖት ምክንያት ሥራ ስለ መከልከል ነበር፤ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው። ጀርመን አገር ደግሞ ያላስፈቀድሽውን ሰው «ዱ» ብለሽ ብትጠሪ «አንቺ ሴትዮ» እንደማለት ይቆጠርብሻል። «ዚ» የእኛው «እርስዎ» ነው፤ ወደ «ዱ» እንለፍ ብሎ የሚጋብዘው በዕድሜ ወይም በሥልጣን የሚበልጠው ነው። ባልደረቦችሽ እርስ በርሳቸው «ዱ» መባባላቸው ያሳስትሻል፤ ተጧሪዎቹ ከዚያ ውጪ ናቸው።

«ኦማ» ለምን እንደሚያስቆጣ ልንገርሽ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ጎንደር ላይ የማታውቂያትን ሴት «እማማ» ስትያት ከባዳነት አውጥተሽ ዘመድ ታደርጊያታለሽ፤ ከፍ ማድረግ ነው። በጀርመንኛ ግን «ኦማ» የልጅ ልጅ ብቻ የሚጠራበት ስም ነው። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ «አንዲት አሮጊት» ከማለት አይለይም። በእኔ ክፍል ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበሩ፣ ወልደው የማያውቁ ሴት አሉ፤ ለእርሳቸው «ኦማ» ምን እንደሆነ አስቢው። አንቺ ከፍ ያደረግሽ የመሰለሽ ቃል እዚያ ዝቅ ያደርጋል፤ ለእኛ ቀዝቃዛ የሚመስለን «ፍራው» ከቤተሰብ ስም ጋር ነው ከፍ የሚያደርገው።

«ፍራው ሞኒካም» የዚሁ ተወላጅ ነው። እኛ «ወይዘሮ» እና «ዶክተር» የምንለው በራስ ስም ላይ ነው፤ እነሱ በቤተሰብ ስም ላይ ብቻ ያደርጉታል። ከራስ ስም ጋር ስታያይዥው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ የምትጠራበት አጠራር ይመስላል፤ የሳቁት ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ታደሰ የአባትሽ ስም እንደሆነ፣ የሚጠሩሽ ወረቀቱ ላይ ባለው ስም ከሆነ ግን ጆሮሽ እስኪለምደው እንዲታገሡሽ ንገሪያቸው። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለ ዓይን፦ መሬት መሬቱን ስታዪ ኃላፊሽ የምታነበው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ አልገባትም፣ ወይ የምትደብቀው አለ። አፍጥጠሽ እያት አላልሁም፤ ሲያፈጡባቸው እነሱም አይወዱም። ሰላም ስትዪ፣ ዋናውን ነገር ስትነግርሽና መልስ ስትጀምሪ እያት፤ እያሰብሽ ሳለ ዓይንሽን ከእሷ ላይ ብታነሺ ማንም አይታዘብሽም። ዓይኗ ከከበደሽ በቅንድቦቿ መካከል ያለውን ቦታ እዪ፤ እሷ ልዩነቱን አታውቀውም። ከዚያ የነገረችሽን በራስሽ አባባል መልሰሽ ንገሪያት፦ «ወይዘሮዋን በቤተሰብ ስማቸው እንድጠራና ጉንጫቸውን እንዳልስም ነግረሽኛል»። ከዓይኑ ይልቅ የምትጠብቀው ይህንን ነው፤ «እ!» የሚለውን ግን አዘዞ ተዪው።

ስለ ወረቀቱ፦ በሙከራ ጊዜ በ2 ሳምንት ማስጠንቀቂያ፣ ምክንያት ሳይሰጡ ሊያሰናብቱሽ ይችሉ ነበር። ለውይይት መጥራታቸው ሊያቆዩሽ እንደሚፈልጉ ያመለክታል፤ ዋስትና ግን አይደለም። የደብዳቤውን ርእስ እዪ፤ «አብማኑንግ» የሚል ከሆነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። የሠራተኞች ምክር ቤት ካላችሁ አንድ አባል አብሮሽ እንዲገባ መጠየቅ ትችያለሽ።

ከማራኪ፣ ጎንደር

የተከበሩ እህት፣ አነጋገርዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ እንዲህ እየተባለ መጨረሻው ራስን መርሳት ነው። እኔ ቤት ዛሬም ሰው ሲገባ ልጆቼ «ኖር!» ብለው ይነሣሉ፣ የገባውም «በእግዜር!» ይላል። ይህች ልጅ ጎንበስ ማለቷ ስሕተት ነው ካልን ምን ቀረን?

የቁስቋሟ (ጀርመን)

ጋሼ፣ ጎንበስ ማለቷን ማን ነቀፈ? እንዲያውም ትክክል የሠራችው እሱን ነው። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ከጎን ወይም ከኋላ ሲነካ ይደነግጣል፤ ስለዚህ ከፊት ለፊት ቀርቦ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ካለ ዝቅ ብሎ ከዓይኑ ትይዩ ሆኖ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ፊቱን ሲያዞር አይቶ ከዚያ እጁን መንካት ነው። ጎንበሷ ከቤቷ የመጣ ነው፣ ለሙያውም ይሠራል። መሳሙ ግን ሌላ ነው፤ ሴትዮዋ እሺም እንቢም ማለት የማይችሉ ናቸው፤ ልጃቸው የተቆጣችውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ከስቶክሆልም

እኔ ግን አሁንም እላለሁ፣ ስዊድን ብትሆኚ ይህ ሁሉ ባልደረሰብሽ ነበር። ለማንኛውም ለእናትሽ የምትልኪውን በዚህ ወር ቀነስ አድርገሽ ጥቂት ገንዘብ ያዥ፤ 2 ሳምንት ማለት የአንድ ወር የቤት ኪራይ እንኳ አይሞላም።

የአዘዞዋ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን እንደገና አየሁት፤ «ለውይይት መጋበዝ» ነው የሚለው፣ ማስጠንቀቂያ አይደለም። እትዬ፣ የነገሩኝን ለመለማመድ ዛሬ እናቴ ፊት ተቀምጬ ቅንድቧን እያየሁ አናገርኋት፤ «ምን ሆነሻል፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ልጃቸው ከቅሬታዋ ማግስት ስትመጣ እኔ «ፍራው» ብዬ በቤተሰብ ስማቸው ጠራኋቸው። አረጋዊቷ መልስ አልሰጡኝም፤ እጄን ስበው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፣ በሌላ ስምም ጠሩኝ፤ የሟች እህታቸው ስም ነው ይላሉ። ያን ጊዜ እጄን ልንጠቅ?

የቁስቋሟ (ጀርመን)

አትንጠቂ። እሳቸው ከጀመሩት እጅሽን ተዪላቸው፣ አንቺ ግን አትጀምሪ፤ ያንኑ ቀን በእንክብካቤ መዝገቡ ላይ «እጄን ይዘው ጉንጫቸው ላይ አሳርፈዋል፣ ተረጋግተዋል» ብለሽ ጻፊው። በእኔ ክፍል አንድ ተጧሪ በ«ዱ» ወይም በራሱ ስም መጠራት ሲፈልግም እዚያው ይጻፋል፤ ያልተጻፈ ነገር ግን አንቺ ያመጣሽው ይባላል። በእህታቸው ስም ሲጠሩሽ «አቤት» ማለት ይገባሽ እንደሆነ ግን እኛም በሥራ ቦታችን እስከ ዛሬ አልተስማማንበትም።

የአዘዞዋ ልጅ

እኔ አቤት ብያቸዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ከአዘዞ እበርራለሁ፤ ውይይቱ ቅዳሜ ነው።