ቀን ያሳለፈ ጥሩ ጽሑፍ ስንት ይሰጠው?

ጠያቂዋ፣ መምህርት፣ ቱሉ ዲምቱ፦ «ይዘቱን ከመቶ 78 የሰጠሁት የመመረቂያ ጽሑፍ 2 ቀን ዘግይቶ፣ 3,000 ቃላት በተባለበት 3,450 ሆኖ፣ ማጣቀሻውም ተዘበራርቆ ቀርቦልኛል። መመሪያችን እንደሚለው ለቀኑ 10፣ ለርዝመቱ 5፣ ለቅርጹ 5 ቀንሼ 58 ልስጠው ወይስ ይዘቱን ላስቀድም?»

የትምህርት ክፍል ባልደረባ፣ ለገጣፎ፦ ሁሉም መቀነስ አለበት። በሰዓቱ ያስረከቡት ሌላ 2 ቀን ቢሰጣቸው ኖሮ የእነሱም ሥራ ይሻሻል ነበርና፣ ቅነሳው ቅጣት ሳይሆን ማካካሻ ነው። ለርዝመቱም ለቅርጹም ምክንያቱ ያው ነው።

ለብዙ ዓመታት ያረመ መምህር፣ ሰበታ፦ የቀኑን እቀበላለሁ። ቅርጹን በተመለከተ ግን 78 እንዴት እንደተገኘ መታየት አለበት፤ በመመዘኛ ሰንጠረዡ ላይ ለማጣቀሻና ለአቀራረብ ነጥብ ተመድቦ ከሆነ፣ ልጁ ለዚያ ጥፋት አንድ ጊዜ ከፍሏል። ርዝመቱም እንዲሁ ነው። አንዳንዶቻችን 10 በመቶ ጭማሪ እንፈቅድና 3,300ኛው ቃል ላይ ማንበብ እናቆማለን፤ ማጠቃለያው ሳይነበብ ሲቀር የማጠቃለያው ነጥብ ይጠፋል፣ ከዚያ ደግሞ 5 እንቀንሳለን። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። እስከ መጨረሻው አንብበው ነው ያረሙት?

የማታ ተማሪ፣ ቡራዩ፦ እኔን የጎዳኝ ሰዓቱ ነበር። ማስታወቂያው «እስከ 6 ሰዓት» ስለሚል የቀኑ 6 ሰዓት መስሎኝ እየሮጥኩ ደረስኩ፤ ለካ 6 ሰዓት የተባለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበርና፣ በእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተዘግቶ ኖሯል። 5 ነጥብ ተቀነሰብኝ።

ሰበታ፦ የእርስዎ ጉዳይ የአቤቱታ እንጂ የነጥብ አሰጣጥ አይደለም፤ አሻሚ ማስታወቂያ ያወጣ ክፍል ቅነሳውን ማንሳት ነበረበት።

ጠያቂዋ፦ ሙሉውን አንብቤዋለሁ። ሰንጠረዡ ለማጣቀሻና ለአቀራረብ 10 ይዟል፤ ከእሱ የሰጠሁት 4 ነው።

ሰበታ፦ እንግዲያው በቅርጹ 6 ነጥብ አስቀድሞ ወድቆበታል፤ የኋላውን 5 ይተዉትና 63 ይሁን።

ለገጣፎ፦ በቅርጹ ተረትቻለሁ። የቀኑ ቅነሳ ግን በቋሚ ነጥብ ሳይሆን ካገኘው ውጤት በመቶኛ ቢሰላ ይሻላል። ይዘቱ 56 የሆነ፣ ጥፋቱ 2 ቀን መዘግየት ብቻ የሆነ ተማሪ በቋሚው 46 አግኝቶ ከማለፊያው 50 በታች ይወድቃል፤ በቀን 5 በመቶ ሲሰላ ግን 50.4 ይዞ ያልፋል።

ሰበታ፦ በዚያ ስሌት 78 ያገኘው 7.8 ሲያጣ 56 ያገኘው 5.6 ብቻ ያጣል። የዘገዩት እኩል ነው፤ የተሻለ የጻፈው ለምን አብልጦ ይከፍላል? ማካካሻ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት።

ለገጣፎ፦ በዘገየበት 2 ቀን ብዙ የተጠቀመው ጎበዙ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂዋ፦ ለዚህኛው 63 ጽፌ፣ የቅርጹን 5 ያልቀነስኩበትን ምክንያት ከውጤት መስጫ ቅጹ ጋር አያይዤዋለሁ። በእርግጥ 56 ያገኘ አንድ ሌላ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ እሱን ገና አልወሰንኩም።