500 ግራም እንጀራ፦ በአንድ የመልስ ቁልፍ ላይ የተነሳ ክርክር

ተፈታኟ (ድሬዳዋ)፦ ለመውጫ ፈተና ከምንለማመድባቸው አንዱ ጥያቄ ይኸው፦ «ዕድሜዋ 25፣ ክብደቷ 55 ኪሎ የሆነ፣ ያላረገዘችና የማታጠባ ሴት በጾም ቀን 500 ግራም የጤፍ እንጀራ፣ በጥሬው 60 ግራም ሽሮ፣ በጥሬው 60 ግራም ምስር እና 100 ግራም ጎመን በልታለች። ፕሮቲኑና አይረኑ ይበቃታል?» አብሮ የተሰጠው ሰንጠረዥ በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 11 ግራም ፕሮቲንና 7.6 ሚሊግራም አይረን፣ ሽሮ 20 እና 4.3፣ ምስር 24 እና 6.5፣ ጎመን 3 እና 1.6 ይላል። የመልስ ቁልፉ ፕሮቲን 84.4፣ አይረን 46.1 አውጥቶ «ሁለቱም በቂ ነው» ብሏል። ግማሾቻችን አልተስማማንም። ትክክሉ የቱ ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄስ ፈተና ላይ መውጣት አለበት?

የከዚራው፦ አቦ እኔ የማይገባኝ፣ በጾም ሥጋ የለም ያለው ማነው? ፀሐይ ስትጠልቅ ሾርባው በሥጋ፣ ሳምቡሳው በሥጋ። በረመዳን የአይረን ጥያቄ ከየት መጣ?

ተፈታኟ፦ የኦርቶዶክሱን ጾም ነው የሚለው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበትን።

የከዚራው፦ እሺ፣ ገባኝ። ግን ጥያቄው እሱን ራሱ መጻፍ ነበረበት። ድሬ ላይ «ጾም» ብቻ ብለህ ብትጠይቅ ግማሹ ሰው ሌላ ይረዳል።

ነርሷ፦ ቁልፉ ስህተት ነው። ምክንያቱ ደግሞ የእህል ፕሮቲን ጎደሎ ስለሆነ ነው። ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ይጎድለዋል። ጥራጥሬ በዚያው ማዕድ ላይ አብሮ ካልተበላ ፕሮቲኑ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ቁርስ ላይ እንጀራ ብቻ ከበላች ያንን መቀነስ አለብን።

መምህሩ (ሐረር)፦ ቁልፉ ስህተት ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የላይሲኑን ነገር ቆይቼ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ 84.4 ከየት እንደመጣ እንይ። 500 ግራም እንጀራን በዱቄት ረድፍ ብታባዙት 55 ግራም ፕሮቲን ይመጣል፤ ሽሮው 12፣ ምስሩ 14.4፣ ጎመኑ 3 ሲደመርበት 84.4 ላይ ይቆማል። አይረኑም እንደዚሁ፤ 38 ሚሊግራም ከእንጀራው ብቻ ተቆጥሯል። እንጀራ ግን ዱቄት አይደለም፤ ከ60 በመቶ በላይ ውሃ ነው። 100 ግራም እንጀራ ውስጥ ያለው ዱቄት 40 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ይቺ ሴት የበላችው 200 ግራም ዱቄት እንጂ 500 ግራም አይደለም።

ሲስተካከል እንጀራው 22 ግራም ፕሮቲንና 15.2 ሚሊግራም አይረን ይሰጣል። ጠቅላላው 51.4 ግራም ፕሮቲን እና 23.3 ሚሊግራም አይረን ነው።

ይህን ስህተት ፈተና ላይ ተቀምጣችሁ የምትይዙበት መንገድ አለ፤ ካሎሪውን ገምቱ። 500 ግራም የጤፍ ዱቄት ብቻውን ከ1800 ኪሎካሎሪ በላይ ነው። አንድ ሰው አንድ እንጀራ ተኩል ወይም ሁለት በልቶ የቀን ጉልበቱን ጨረሰ ማለት ነው፤ ይሄ የማይመስል ነገር ነው። በትክክለኛው ቁጥር እንጀራው ወደ 730 ይወርዳል፤ ወጡንና ዘይቱን ጨምራችሁም ቀኑ 1500 ገደማ ላይ ይቀራል።

ተፈታኟ፦ እና 51.4 ከሆነ ፕሮቲኑ ይበቃል ማለት ነው? 55 በ0.83 ሲባዛ 45.65 ነው፤ 51.4 ይበልጣል።

መምህሩ፦ እዚህ ላይ ነው ፈታኙ ማሰብ የነበረበት። 0.83 ግራም በኪሎ የሚለው መመዘኛ በደንብ ለሚፈጭና ጥራቱ ለተሟላ ፕሮቲን የወጣ ነው። የጤፍና የጥራጥሬ ፕሮቲን ግን ሙሉ በሙሉ አይፈጭም። ለእንዲህ ዓይነት ድብልቅ 80 በመቶ ብንይዝ፣ 51.4 ወደ 41.1 ይወርዳል። ከ45.65 በ4.5 ግራም አነሰ። ጉድለቱ ትንሽ ነው፤ 25 ግራም ጥሬ ምስር ቢጨመር ይሞላል። ግን በቂ ነው አይባልም።

አሁን ወደ ላይሲን። ነርሷ እህል ላይ ላይሲን ያንሳል ያለችው እውነት ነው። በአንድ ማዕድ ካልተገናኙ አይቆጠርም የሚለው ግን የድሮ ትምህርት ነው፤ ለአዋቂ የቀኑ ድምር ነው የሚታየው። በዚህ ምግብ ግማሹ ፕሮቲን ከሽሮና ከምስር ስለመጣ፣ በ1 ግራም ፕሮቲን 50 ሚሊግራም ገደማ ላይሲን ይደርሳል፤ መመዘኛው 45 ነው። ችግሩ የሚመጣው እኛ ሐረር ዙሪያ በምናውቀው ምግብ ላይ ነው። ጤፉን በማሽላ ተኩና ሽሮውንም ምስሩንም በግማሽ ቀንሱ፤ ላይሲኑ ወደ 40 ይወርዳል፣ ጠቅላላ ፕሮቲኑም ወደ 37። የማሽላ ፕሮቲን ሲበሰል ለመፍጨት ይበልጥ ያስቸግራል፤ ማቡካቱ የተወሰነ ይረዳል። ፈተና አውጪ ሰው ላይሲንን መጠየቅ ከፈለገ ይሄን ቢጠይቅ ይሻላል።

ነርሷ፦ ማዕዱ ላይ ተሳስቻለሁ፣ ተቀብያለሁ። አይረኑ ላይ ግን አልሸነፍም። 23.3 ከ18 ይበልጣል፣ አለቀ።

መምህሩ፦ 18 የአሜሪካኖቹ መመዘኛ ነው፤ ሥጋ ካለበት ምግብ ሰውነት 18 በመቶውን ይወስዳል ብሎ ነው የተሰላው። ራሳቸው ሥጋ ለማይበላ ሰው በ1.8 አባዙት ይላሉ፤ 32.4 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅቱ ፋኦ ደግሞ ከሚወሰደው ይነሳሉ። የወር አበባ ለምታይ አዋቂ ሴት በቀን 2.94 ሚሊግራም አይረን ደም ውስጥ መግባት አለበት፤ ሰውነት 10 በመቶ ከወሰደ ከምግብ 29.4፣ 5 በመቶ ብቻ ከወሰደ 58.8 ያስፈልጋል። 23.3 ሁለቱንም አይደርስም። የተሳሳተው 46.1 ግን 29.4ን ያልፋል፤ የእንጀራው ውሃ መረሳቱ መልሱን የገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

ዲያቆኑ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለሥጋ በል ሰው በ18 ትመዝናላችሁ፣ ለጿሚው መስመሩን ወደ 29 ታነሱታላችሁ። ጾመኛ ሁሉ እንዲወድቅ የተሠራ ሚዛን አይመስልም? በዚያው ምግብ ወንድ ቢሆንስ?

መምህሩ፦ ለወንድ በ10 በመቶ 13.7 ነው የሚፈለገው፤ 23.3 በደንብ ያልፋል። ስለዚህ ሚዛኑ የሚጥለው ጾሙን ሳይሆን የደም ኪሳራንና የአወሳሰድ መጠንን አንድ ላይ ነው። ግን ጥያቄህ ባዶ አይደለም። 2.94 ለሁሉም ሴቶች ማለት ይቻላል የሚበቃ ቁጥር ነው፤ መካከለኛዋ ሴት 1.46 ይበቃታል። ከ23.3 ላይ 10 በመቶ ቢወሰድ 2.3 ይገባል፤ ይሄ ከግማሽ በላይ ለሆኑ ሴቶች ይበቃል። 5 በመቶ ከሆነ 1.2 ነው፣ ለመካከለኛዋም አይደርስም። ስለዚህ «አይበቃም» ስንል «ደም ማነስ አለባት» ማለታችን አይደለም። የአንድ ቀን ምግብ ቆጥሮ ደም ማነስ የሚበይን ካለ እሱም ወድቋል።

የላብራቶሪው፦ ሁላችሁም 7.6ን እንደ ወንጌል ይዛችኋል። በአገር ውስጥ ሰንጠረዦች ላይ የጤፍ አይረን ከዚህ ብዙ እጥፍ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ፣ በተለይ የቀይ ጤፍ። ተማሪ ያንን ረድፍ ከተጠቀመ የትኛውንም መስመር ያልፋል። አብዛኛው ልዩነት ግን ከእህሉ አይደለም፤ ጤፍ ደቃቅ ነው፣ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈር ይገባበታል። እንዴት ይታወቃል ብትሉ፣ በዚያው ናሙና አሉሚኒየም ይለካ፤ አይረኑም አሉሚኒየሙም አብረው ከዘለሉ አፈር ነው። ናሙናው ታጥቦ ሲለካ አይረኑ የሚወድቅ ከሆነም ያው ነው።

ዲያቆኑ፦ አፈር ቢሆንስ አይረን አይደለም?

የላብራቶሪው፦ አይረን ነው፣ ግን አብዛኛው ሳይሟሟ ያልፋል። የቡኮው አሲድ ጥቂቱን ሊያሟሟው ይችላል፤ ምን ያህል የሚለው ላይ ሁሉም አንድ አይደለም። ለፈተና ግን ሰንጠረዡ ከየትኛው ናሙና እንደተወሰደ ካልተጻፈ፣ ከሁለት ሰንጠረዥ የሚመጣ ሁለት መልስ ይወጣል።

ነርሷ፦ ከ5 እና ከ10 በመቶ የቱን እንደምንይዝ የሚወስነው ምንድነው ታዲያ?

መምህሩ፦ አብሮ የተበላው። በደንብ የቦካ እንጀራ አይረን እንዳይወሰድ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንስለታል፤ በአንድ ሌሊት በችኮላ የተጋገረው ያን ያህል አይቀንስም። ሎሚ፣ ጥሬ ቲማቲም፣ ቃሪያ ካለ አወሳሰዱ ከፍ ይላል። ሎሚው የሚጨመቀው ወጡ ከወረደ በኋላ ነው፤ የሚፈላ ምስር ውስጥ ከገባ ቫይታሚን ሲው ይሞታል። ሲፈላ የዋለ ጎመንም እንደዚያው፣ ስለዚህ ጎመን ስላለ ብላችሁ ቫይታሚን ሲ አለ አትበሉ። ቀፊራ ገበያ ላይ ዘይቱን የሚባለው ፍሬ በሚገኝበት ወቅት ከምግቡ ጋር አንድ መብላት ከሎሚም ይበልጣል።

ነርሷ፦ ቡናውን ደግሞ ከምሳ አንድ ሰዓት በኋላ ካደረግነው አይነካም፤ ለእናቶች ሁልጊዜ የምንለው ነው።

መምህሩ፦ እሱን ጠንቀቅ በዪ። በፈረንጆቹ 1983 በሥጋ ምግብ በተለካ ጥናት፣ አብሮ የተጠጣ ቡና የሚወሰደውን አይረን ወደ 40 በመቶ፣ ሻይ ከ60 በመቶ በላይ ቀንሷል። ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም፤ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ የተጠጣውን ያህል ቀነሰ። ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ነውና። ጾመኛ እስከ 9 ሰዓት ቆይታ ስትበላ የቀኑ አይረን በአንድ ሁለት ማዕድ ላይ ይከማቻል፤ ቡናውም በዚያው ማዕድ ጀርባ ነው የሚፈላው።

ተፈታኟ፦ ጥያቄው ላይ ስለ ቡናም ስለ ሎሚም ምንም የለም። ምን ልጻፍ?

መምህሩ፦ በ10 በመቶ ያዢና ጻፊው፦ «ፕሮቲን በድፍኑ 51.4፣ በ80 በመቶ ሲታረም 41.1፣ ከ45.65 ያንሳል፤ አይረን 23.3፣ ከ29.4 ያንሳል።» የያዝሽውን መስመር ካልጻፍሽ ቁጥሩ ብቻውን አይፈረድለትም። ጉልበቱ ራሱ ያነሰ መሆኑንም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት፤ ጉልበት ሲጎድል ፕሮቲኑ ለማገዶ ይውላል።

ዲያቆኑ፦ እኔ አሁንም ጥያቄው እንዲህ መውጣቱን አልወደድኩትም። «ይበቃታል?» ከሚል «ምን ብትጨምር ይበቃታል?» ቢል ይሻል ነበር፤ 25 ግራም ምስር የሚል መልስ አለው።

የላብራቶሪው፦ ምስሩ ፕሮቲኑን ይሞላል፣ አይረኑን ግን በ1.6 ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው፤ 24.9 ላይ ትቀራለች።

የከዚራው፦ እሺ ቡናውን ተውነው። ሐረር ላይ ቁቲ የሚጠጡትስ? ከቡና ቅጠል ነው የሚፈላው፤ እንደ ቡና ነው የሚቆጠረው ወይስ እንደ ሻይ?