ገቢው በማይረጋ ቤት፦ ብርን አስቀድሞ መደልደል ወይስ እቁብ?

ጠያቂዋ፣ ከሳሪስ፦ ባለቤቴ ራይድ ይሠራል። ቤንዚን ተቀንሶ ጥሩ ወር 45 ሺህ ብር ያስገባል፣ መጥፎ ወር 19 ሺህ። ሁለት ልጆች አሉን። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ለትምህርት ቤት መበደር ሰልችቶናል። እህቴ «እያንዳንዱን ብር ሥራ ስጪው፣ ለሚታወቅ ወጪ ለየብቻ አስቀምጪ» ትለኛለች፤ ዜሮ በጀት ይሉታል። ባለቤቴ ደግሞ «ነገ የሚገባው ሳይታወቅ በጀት አይያዝም፣ እቁብ እንግባ» ይላል። ማን ነው ትክክል?

ባለ ሱቁ፣ መርካቶ፦ ባልሽ ነው። እኔ በእቁብ ነው ሱቅ የከፈትኩት። ቤት ውስጥ ያለ ብር ያልቃል፣ ሌላ ምንም ምስጢር የለውም። ዘመድ ሲመጣ «የለኝም» ካልሽ ይቀየማል። «እቁብ ላይ ነው» ካልሽ ግን ማንም አይቀየምም። ይሄ ዜሮ በጀት የሚሉት ደግሞ ወር ሲያልቅ ኪስን ባዶ ማድረግ ነው፤ በዚህ ኑሮ ማን ይደፍረዋል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ፦ ወንድሜ፣ ዜሮ የሚሆነው ኪሱ ሳይሆን ሥራ ያልተሰጠው ብር ነው። አካውንትሽ ላይ 60 ሺህ ተቀምጦ በጀትሽ ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ 60ው ሺህ ሁሉ ለምን እንደተቀመጠ ከታወቀ።

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ 45 ሺህ ብር ከቤንዚን ሌላ ምን ተቀንሶለታል? ጎማ፣ ዘይት፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎ?

ጠያቂዋ፦ ምንም። እነሱ ሲመጡ ከዚያው ነው የምንከፍለው። ባለፈው ጎማ ሲቀየር የቤት ኪራዩ ነው የተነካው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እንግዲያው 45 ሺው የቤቱ ገቢ አይደለም። ከፊሉ የመኪናው ነው። የሹፌር ቤት የሚናጋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ መኪናው ያበደራችሁን ብር እንደ ደመወዝ ትበሉታላችሁ፣ በኋላ በአንድ ቀን ያስከፍላችኋል። ባለቤትሽን ጠይቂና በዓመት ስንት እንደሚያወጣ ጻፊልኝ።

ጠያቂዋ፦ ጠየቅሁት። አራት ጎማ 36 ሺህ፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል አለኝ። ዘይትና ሰርቪስ በወር በአማካይ 2 ሺህ። ኢንሹራንሱ 16 ሺህ፣ ቦሎው ከነምርመራው 4 ሺህ ገደማ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጎማው በዓመት 18 ሺህ ይሆናል፣ ሰርቪሱ 24 ሺህ። ከኢንሹራንሱና ከቦሎው ጋር 62 ሺህ። በወር 26 ቀን ከሠራ በቀን 200 ብር ማለት ነው። ይህችን 200 ብር ማታ ቤት ሳይገባ ወደ ሌላ አካውንት ያስገባት፣ ካርድ ወደሌለው። ካልሠራ ደግሞ አያስገባም። መኪናው ካልሄደ ጎማውም ስለማያልቅ ብዙም አይጎዳም። ኢንሹራንሱ ግን ሠራም አልሠራም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፣ ስለዚህ ቀናት የተዘለሉበት ወር ካለ እሱን ለይታችሁ አሟሉ።

የቨርጂኒያ ሹፌር፦ ይሄ ነገር እኔንም ነው ያዳነኝ። እዚህ ኡበር ስንነዳ ግብር የሚቆርጥልን የለም። ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ጃንዋሪ 15 ራሳችን እንከፍላለን። ጓደኞቼ ሒሳቡ የሚመጣባቸው ኤፕሪል ላይ በአንድ ጊዜ ነው፣ ከነቅጣቱ። እኔ ከየሳምንቱ ገቢ የግብሩን ድርሻ ለብቻው አካውንት አደርጋለሁ። ባለቤቴ እንኳ አታየውም።

ከቤይሩት፦ እኔ ደመወዜ ቋሚ ነው፣ በየወሩ ለእናቴ እልካለሁ። ግን ሁልጊዜ «አለቀ» ነው። በጀት የሚባል ነገር ለቤተሰብ አይሠራም፣ የላከው ሰው ብቻ ነው የሚጎዳው።

የሐዋሳ እናት፦ ልጄ፣ የአንቺ ጉዳይ ሌላ ነው፣ የሚያወጣው ሰው አንቺ አይደለሽም። እስቲ የምትልኪውን ለሁለት ክፈይው። የወሩን ለወሩ ላኪ፣ የክረምቱን ደግሞ በስምሽ አስቀምጪና በሐምሌ ላኪው። እናትሽም አትቀየምም፣ ዋናው እንዲደርስ ነው።

ጡረተኛው፣ ጎንደር፦ ዜሮ በጀት ለቤት የተሠራ ነገር አይደለም። ጂሚ ካርተር የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ገዥ ሳለ ሞክሮት፣ ፕሬዚዳንት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1977 ለአሜሪካ መንግሥት አመጣው። ሬጋን ሲገባ እ.ኤ.አ. በ1981 ቀረ። ወረቀት በዛ። መንግሥት ያልቻለውን ሳሪስ ያለች እናት እንዴት ትችለዋለች?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ታሪኩ ልክ ነው ጋሼ። እዚያ ያስቸገረው እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ወጪውን ከባዶ ተነሥቶ እንዲያስረዳ መጠየቁ ነው። ቤት ውስጥ የሚወሰደው ሐሳብ ትንሽ ነው፤ እጅ የገባ ብር ሳይደለደል አይደር። አሥር መስመር ያለበት ደብተር ይበቃል።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ። እህቴ፣ ወርሽ ስንት ይፈጃል? ቀን ያላቸው ወጪዎችስ?

ጠያቂዋ፦ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ መብራት፣ ስልክ፣ እድር ተደምሮ 15 ሺህ። ለፋሲካ 10 ሺህ። ነሐሴ ላይ ለምዝገባ፣ ለዩኒፎርምና ለደብተር 24 ሺህ። ለእንቁጣጣሽ 8 ሺህ። የገና አሁን አልፏል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጥር ላይ ነን። ለፋሲካ ሦስት ወር ቀርቶናል፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። በወር 3,330 ብር። ለትምህርት ቤቱ ሰባት ወር፣ በወር 3,430። ለእንቁጣጣሽ ስምንት ወር፣ በወር 1,000። ለእያንዳንዱ ደብተሩ ላይ የራሱን መስመር ያዢለት፣ «ፖስታ» እንበለው። አንድ ላይ 7,760 ብር ይሆናል። መጀመሪያው ዓመት ይከብዳል፣ ምክንያቱም ለፋሲካው መቆጠብ የጀመርሽው ዘግይተሽ ነው። ከፋሲካ በኋላ ወደ 4,430 ይወርድና ገናን ትጨምሪበታለሽ።

ጥሩ ወር እንውሰድ። ከ45 ሺህ የመኪናው 5,200 ሲወጣ 39,800 ብር ቤት ይገባል። 15 ሺህ ለያዝነው ወር። 7,760 ለፖስታዎቹ። ከቀረው ላይ 15 ሺህ «የሚቀጥለው ወር» በሚል ፖስታ ይግባ፣ አይነካም። 2,040 ብር ይተርፋል። እሱንም ትምህርት ቤቱ ላይ ጨምሪው። አሁን ዜሮ ሆነ።

ቀጥሎ መጥፎ ወር መጣ እንበል። ባለቤትሽ 20 ቀን ብቻ ሠራ፣ ከ19 ሺህ 4 ሺህ ለመኪናው ሄደ፣ 15 ሺህ ቤት ገባ። ወሩን የምትኖሪው ግን ባለፈው ወር ባስቀመጥሽው 15 ሺህ ነው። አዲስ ከገባው 7,760 ለፖስታዎቹ ታደርጊና 7,240 ለሚቀጥለው ወር ይቀራል። ስለዚህ ወሩ ከመግባቱ በፊት 7,760 እንደጎደለሽ ታውቂያለሽ። ባለቤትሽ «የሚገባው ስለማይታወቅ» ያለው ለዚህ ነው የማያስኬደው። የምትደለድዪው ያልገባውን አይደለም፣ የገባውን ነው።

ባለ ሱቁ፦ በጣም ጥሩ፣ ግን ሁለት መጥፎ ወር ተከታትሎ ቢመጣስ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ያን ጊዜ ቀኑ የሚርቀው የእንቁጣጣሹ ፖስታ ይጠብቃል። የፋሲካው በጉ ወደ ዶሮ ይወርዳል፣ የምዝገባው ግን አይነካም። ቅደም ተከተሉን ባልና ሚስት ብር ሳይጎድል በፊት ጽፈው ይስማሙበት። ብር ሲጎድል የሚደረግ ስምምነት ጠብ ነው።

የሐዋሳ እናት፦ ሁዳዴን አትርሱ። ጾሙ ሲገባ ሥጋም ወተትም ቅቤም ይቀራል። ያ ልዩነት ዝም ብሎ አስቤዛ ውስጥ ይጠፋል። እኔ በጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ ለሥጋ የምናወጣውን ቆጥሬ ወደ ፋሲካው አዞርኩት፣ ቅቤው ከዚያ ወጣ። አንድ ፖስታም ለለቅሶና ለሰርግ ይጨመር። ቀኑ አይታወቅ እንጂ መምጣቱ አይቀርም።

ነጋዴዋ፣ አዳማ፦ እኔ ግን ብር አስቀምጡ ሲባል አልስማማም። የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ለዓመታት 7 በመቶ ነበር፣ የገበያው ዋጋ ከዚያ በላይ እየሮጠ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ያየነውን አይተናል። ጤፍ አዝመራ ሲገባ በኩንታል ግዢ፣ ደብተርና ሳሙና በደርዘን። ዕቃ ራሱ ቁጠባ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለጤፉ ትክክል ነሽ። ማስቀመጫ ላለው ሰው ከፖስታ ይሻላል። ግን ምዝገባ በኩንታል አይገዛም፣ ዩኒፎርምም ጥር ላይ ብትገዢው ልጁ እስከ መስከረም ያድጋል። ለእነዚህ ብሩ ጥቂት ዋጋ እያጣም ቢሆን መቀመጥ አለበት። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ አዲሱን ክፍያ ሲናገር 24 ሺው ወደ 28 ሺህ ካደገ ሁለት ወር አላት ለማሟላት።

ባለ ሱቁ፦ እቁብም እኮ ይህንኑ ያደርጋል። ዕጣሽን ለነሐሴ መቀየር ትችያለሽ።

ጠያቂዋ፦ ሞክረን ነበር። ነሐሴን የማይፈልግ ሰው የለም። ደግሞ በሳምንት 1,500 ነው፣ መኪናው ጋራዥ በገባበት ሳምንት ዋስ የሆነው ጎረቤታችን ነው የተጠየቀው። እስካሁን ፊቱን ማየት ያሳፍረኛል።

ባለ ሱቁ፦ መጠኑን ቀንሱ። በሳምንት 500 ገብታችሁ ለመኪናው ጎማ አድርጉት፣ ቀኑ አያስጨንቅም። ዘመድ እንዳይበላው ግን እቁብ ውስጥ ይሁን። ከዚህ አልወርድም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ 500ው ከ200ው ውስጥ የሚወጣ ከሆነ አልቃወምም። ሌላ ወጪ ሆኖ ከተደረበ ግን ፖስታዎቹን ይበላል። ለማንኛውም በወሩ መጨረሻ ፖስታዎቹን ደምሪና ከባንኩ ቀሪ ጋር አስተያዪ። ባንኩ ካነሰ አንዱ ፖስታ ላይ የተጻፈው ብር የለም ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ በዚያው ቀን ፈልጊ፣ ሦስት ወር ካለፈ አታገኚውም።

ጠያቂዋ፦ ባለቤቴ 200ውን ተቀብሏል። እቁቡ ላይ አሁንም አልተስማማንም፤ «ያለ እቁብ ብር አልቆጥብም» ይላል። ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ የመኪናው አካውንት በእሱ ስም ይሁን ወይስ በሁለታችን?

የቨርጂኒያ ሹፌር፦ በሁለታችሁ። እሱ ቢታመም ኢንሹራንሱን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።

ነጋዴዋ፦ በእሱ። የመኪናውን ሒሳብ የሚያውቀው እሱ ነው፣ አንቺ የቤቱን ያዢ።