ቃል የቀያየረ ተማሪ ኮራጅ ነው?

ጠያቂዋ፦ ኮሌጅ ውስጥ ግብርና አስተምራለሁ። ከ20 በሚታረም አሳይመንት ላይ አንድ ተማሪ ስለ ጤፍ አዘራር የጻፈው አንቀጽ ከሞጁሉ ብዙም አይለይም፤ ቃላት ቀያይሯል፣ ሞጁሉንም ጠቅሷል። ሌላው ደግሞ ምንጭ ሳይጠቅስ ሁለት ገጽ እንዳለ ገልብጧል። ባልደረቦቼ ለሁለቱም ዜሮ ስጪ ይሉኛል። ልክ ነው? ወረቀታቸው ላይስ ምን ልጻፍ?

አንጋፋው መምህር፦ ዜሮ ነው እንጂ! እንዲያውም ቃል የቀየረው ይብሳል። ያኛው ሰነፍ ነው፣ ይሄኛው ግን ላለመያዝ ተጨንቆበታል።

የቋንቋ መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ሊደብቅ የፈለገ ሰው ምንጩን ይጠቁማል? እህቴ፣ እስኪ የሞጁሉንና የልጁን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አስቀምጪልን።

ጠያቂዋ፦ ሞጁሉ፦ «የጤፍ ዘር በጣም ደቃቅ በመሆኑ ገበሬው በእኩል መጠን ለመበተን ይቸገራል፤ በዚህም ምክንያት ቡቃያው አንዱ ጋ ይታፈናል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል።»
ልጁ፦ «የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አርሶ አደሩ በእኩል መጠን ለመበተን ይቸገራል፤ በዚህም የተነሳ ቡቃያው አንዱ ጋ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል (ሞጁል 2)።»

የቋንቋ መምህርቷ፦ «ትንፋሽ ያጥረዋል»! ልጁን የሚያስረዳለት ይሄ ነው። ቡቃያ ሲጠጋጋ ምን እንደሚሆን ቢገባው ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር። ሞጁሉን ከፊቱ ዘርግቶ አምስት ቦታ ቃል በቃል ተክቷል፤ ቅደም ተከተሉን ግን አልነካም። ይሄ አንብቦ በራሱ አፍ መናገር ያልለመደ ልጅ ሥራ ነው። ደካማ ነው፣ ግን ስርቆት አልለውም። ጋሼም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ አንዴ ጠቅሶ ሦስት ገጽ የሚገለብጥም አለ። ስለዚህ ጥቅሱ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚሸፍን ማየት ነው።

የሁለተኛውን ልጅ ደግሞ ፊደሉን ተመልከቺ። በራሱ ገጾች «ሰራ» እያለ የሚጽፍ ልጅ ድንገት ሁለት ገጽ ሙሉ «ሠራ» ካለ፣ እጁ ተቀይሯል ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦ ፊደሉን አላየሁም። ግን «ከላይ በሠንጠረዥ 3 እንደተመለከተው» ይላል። ወረቀቱ ላይ አንድም ሠንጠረዥ የለም።

የማስተርስ ተማሪ፦ እኔን የጽሑፍ መመሳሰል የሚፈትሸው ሶፍትዌር ተርኒቲን 31 ከመቶ አሳየብኝና አማካሪዬ ወረቀቴን ሳያነብ መለሰልኝ። ስለዚህ መመሳሰሉ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ማለፍ አለበት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ መውደቅ።

የቋንቋ መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ የተጠየቀው ስለ መቶኛ አይደለም። አንተም የተበደልከው በዚያው መቶኛ ነው። ቁጥሩ የሚቆጥረው መመሳሰልን ነው፤ የምንጭ ዝርዝሩና በትእምርተ ጥቅስ ያስቀመጥከው ሳይቀር ሊገባበት ይችላል። ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ የገለበጠው ደግሞ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ሪፖርቱ የቱን ገጽ እንደምታነብ ይጠቁምሃል፤ ፍርዱ ግን ያንተ ነው።

ወደ ነጥቡ ስመለስ፣ እኔ ብሆን ከ20 ውስጥ 12 ለይዘት፣ 5 ለምንጭ አጠቃቀም፣ 3 ለቋንቋ አደርጋለሁ። ለመጀመሪያው ልጅ ያ አንቀጽ የራሱን ግንዛቤ ስለማያሳይ ከይዘት 3 እቀንሳለሁ፤ ጠቅሷልና ለምንጭ 2፣ ለቋንቋ 2 እሰጠዋለሁ። ሌላው ሥራው ደህና ከሆነ 13 ያገኛል። አንቀጹን ብቻ በሦስት ቀን ውስጥ እንደገና ቢጽፍ የቀነስኩትን 3 እመልስለታለሁ። «ኮራጅ» ብዬ አልጽፍም፤ የማየው ወረቀቱን እንጂ ልቡን አይደለምና። የምጽፍለት እንዲህ ነው፦ «ይህ ዓረፍተ ነገር የሞጁሉን ቅደም ተከተል እንዳለ ይዟል፤ አምስት ቦታ ብቻ ተቀይሯል። ሞጁሉን ዘግተህ፣ ጤፍ ለምን ወጥ ሆኖ እንደማይበቅል ለጎረቤትህ እንደምታስረዳ አድርገህ ጻፈው፤ ከዚያ ገጹን ጥቀስ።»

ለሁለተኛው ነጥብ አትስጪ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አነጋግሪው፤ ከዚያ ሁለቱን ጽሑፍ አያይዘሽ በኮሌጁ ደንብ መሠረት ወደሚያየው ክፍል አሳልፊው። ዜሮውን ብቻሽን ከጻፍሽው ነገ ክርክሩ ያንቺና የልጁ ይሆናል።

አንጋፋው መምህር፦ እሺ። ግን በራሱ ጎርባጣ አማርኛ ታግሎ ጽፎ 14 ያገኘው ልጅስ? ይሄኛው እንደገና ጽፎ 16 ሊያገኝ ነው! እሱም እንደገና ልጻፍ ቢል ምን ትይዋለሽ? ሰማንያ ወረቀት ይዘሽ ለስንቱ ሁለቴ ታርሚያለሽ?

የቋንቋ መምህርቷ፦ እዚህ ላይ መልስ የለኝም። እኔ አርባ ተማሪ ነው ያለኝ።

ጠያቂዋ፦ ሁለተኛውን ዛሬ አነጋገርኩት። «ሠንጠረዥ 3 የታል?» ስለው «ቤት ረስቼው ነው፣ ነገ አመጣዋለሁ» አለኝ።