ኤንፒቪ አንዱን፣ አይአርአር ሌላውን መረጠ፤ የቱን ልከተል?

ጠያቂ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለዳቦ ቤታችን ምድጃ ልንገዛ ነው። ቦታችን የሚይዘው አንድ ብቻ ነው። ትንሹ 1 ሚሊዮን ብር ነው፤ ወጪ ተቀንሶ በዓመት 400 ሺህ ያስገባል። ትልቁ 3 ሚሊዮን ነው፤ በዓመት 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ያስገባል። ሁለቱም 5 ዓመት ያገለግላሉ። የአምስቱን ዓመት ገቢ በ18 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ መልሼ የምድጃውን ዋጋ ስቀንስ የሚተርፈው፣ ማለትም ኤንፒቪው፣ ለትልቁ ወደ 283,500፣ ለትንሹ ወደ 250,900 ብር ሆነ። ኤንፒቪውን ዜሮ የሚያደርገው መቶኛ፣ አይአርአሩ፣ ግን ለትንሹ 28.6፣ ለትልቁ 22.1 ነው። የቱን ልመን?

ነጋዴው
ይሄ ምን ያከራክራል? 28 ከ22 ይበልጣል። ትንሹን ግዛና እረፍ።

መምህሩ
ነጋዴው፣ 28 በመቶው እኮ የ1 ሚሊዮን ብር ነው። የቀረው 2 ሚሊዮን ምን ይሠራል? ጠያቂያችን፣ ልዩነቱን ብቻውን እንደ አንድ ሥራ እየው። 2 ሚሊዮን ጨምረህ በዓመት 650 ሺህ ታገኛለህ። ኤክሴል ላይ B1 ውስጥ -2000000፣ ከB2 እስከ B6 ደግሞ 650000 ጻፍ፤ ከዚያ፦

```
=IRR(B1:B6)
```

18.7 በመቶ ይመጣል። ገንዘቡ 18 በመቶ የሚያስወጣህ ከሆነ ትልቁ ያዋጣል፣ ያውም በጭንቅ። 20 በመቶ ካስወጣህ ይገለበጣል፤ የትንሹ ኤንፒቪ 196 ሺህ፣ የትልቁ 140 ሺህ ገደማ ይሆናል። ለመሆኑ 18ቱን ከየት አመጣኸው?

እማማ ዳቦ
ሁለቱም ካዋጡ ለምን ሁለቱንም አትገዛም? እኔ በአንዱ ጀምሬ ሁለተኛውን ጨመርኩ፤ አልከሰርኩም።

ጠያቂ (አዳማ)
እማማ፣ ቦታ የለንም እኮ። መምህር፣ 18ቱ ባንኩ የነገረን የብድር ወለድ ነው። ግማሹን ከራሳችን ነው የምናወጣው።

ሒሳብ ሹም
የራሳችሁ ብርም በነፃ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ያስገኝላችሁ የነበረውን አስቡ። ሌላ ነገር፦ ወለዱ የዋጋ ንረቱን አካትቶ ሳለ ገቢያችሁን 5 ዓመት ሙሉ በዛሬ ዋጋ አቁማችሁታል። ዳቦም ዱቄትም ሲወደድ ገቢው አብሮ ቢያድግ ትልቁ ይጠቀማል።

መምህሩ
ዳቦ ሲወደድ ገዢ ስለሚቀንስ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ18 በመቶ የትልቁ የዓመት ገቢ በ10,500 ብር ገደማ ከቀነሰ ትንሹ ይበልጣል። አንድ በመቶ ብቻ መሆኑ ነው! 1 ሚሊዮን 50 ሺውን በምን ገመታችሁት?

ጠያቂ (አዳማ)
ወንድሜ ለሁለት ሆቴሎች በየቀኑ እናቀርባለን ብሎ ነው። ውሉ ገና አልተፈረመም።

ነጋዴው
እኔ መጀመሪያ ምን አልኩ?

መምህሩ
መልስህ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያትህ ግን አይደለም። ውሉ ተፈርሞ ይምጣና እንደገና እናስላው።