8,000 እርምጃ ለእኔ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምሠራው። በቀን 8,000 እርምጃ ለመራመድ ወስኛለሁ። ቢሮ ውስጥና ባጃጅ እስክይዝ የምራመደው 3,000 ገደማ ነው። የቀረውን 5,000 ከሥራ መልስ ጣና ዳር መሙላት አለብኝ።

ስልኬ ይህን 5,000 እርምጃ 3.7 ኪሎ ሜትር ይለዋል። አላሳመነኝም። ቅዳሜ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ሐይቁ ዳር 50 ሜትር ለካንና ጫፍና ጫፉ ላይ ድንጋይ አስቀመጥን። በወትሮ አካሄዴ ስሄደው ግራም ቀኝም ተቆጥሮ 78 እርምጃ ሆነ። ሦስቴ ደገምኩት፤ ልዩነቱ ከሁለት እርምጃ አልበለጠም። 50ን ለ78 ሳካፍል አንዱ እርምጃ 64 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። በ5,000 ሲባዛ 3.2 ኪሎ ሜትር ነው። በደቂቃ 104 እርምጃ ስለምሄድ 48 ደቂቃ ይፈጅብኛል ማለት ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ስልኩ አንዱን እርምጃ 74 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ነው የሚያሰላው። ቁመቴን 1.62 ሜትር ብዬ በትክክል አስገብቻለሁ። ታዲያ ከየት አመጣው? የእርምጃውን ርዝመት ራሴ የማስገባበት መንገድስ አለ?

ሌላው የቢሮው 3,000 ነው። ከጠረጴዛዬ እስከ ፕሪንተሩ የምሄዳት እርምጃ አጭር ናት። በ64 ላባዛው ወይስ ለብቻው ልለካው? አመሻሽ ላይ መንገዱ በሰው ሲሞላም እርምጃዬ ያጥራል፣ እቆማለሁም። በ48ቱ ደቂቃ ላይ ስንት ልጨምር? ለክታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።